ወንድሜን ማራቶን ላይ ሳላየው የቀረሁበት ስሌት፣ እንዴት እንዳስተካከልኩት

አምና ጎንደር ላይ ወንድሜ ማራቶን ሲሮጥ እኔ 20ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። ልምምድ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ነው የሚሮጠው፣ 20 ሲባዛ በ6 ደግሞ 120 ደቂቃ፣ ሩጫው 12፡30 ስለተጀመረ 2፡30 ይደርሳል አልኩ። እስከ 2፡35 ጠብቄ አልፎኛል ብዬ ሄድኩ። እሱ ግን 2፡41 ላይ ነው ያለፈው፣ ማታ "አንተ የት ነበርክ?" ሲለኝ በጣም ነው ያዘንኩት።

11 ደቂቃዋ ከየት መጣች ብለን አብረን ቁጭ ብለን ሰዓቱን አየን። ተኩሱ ሲሰማ እሱ ኋላ ስለነበር መነሻ መስመሯን ለማለፍ ብቻ 4 ደቂቃ ፈጅቶበታል። የቀረው 7 ደቂቃ የዳገቱ ነው፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመለሱ መንገዱ ሽቅብ ስለሆነ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን 7 ኪሎ ሜትሮች በ7 በ7 ደቂቃ ነው የሮጣቸው። አንድ አማካይ ፔስ ለሜዳውም ለዳገቱም አይሆንም ማለት ነው።

ዘንድሮ በዚያው መንገድ ሲሮጥ ለየብቻ አሰላሁት፦ 4 የመነሻ፣ 13 ኪሎ ሜትር በ6 (78)፣ 7 ኪሎ ሜትር በ7 (49)፣ ድምሩ 131፣ ስለዚህ 2፡41። በዛ ላይ እህቴ 10ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆማ ሲያልፍ ደወለችልኝ። በስሌቱ 1፡34 መሆን ሲገባው 1፡36 ነበር፣ ማለትም የ60 ደቂቃውን መንገድ በ62 ጨርሷል። የቀረውን 67 ደቂቃ በዚያው ልክ ሳሳድገው 69 ሆነ፣ ስለዚህ 2፡45። ከ2፡40 እስከ 2፡55 ከቦታዬ አልንቀሳቀስም ብዬ ቆምኩ፣ 2፡46 ላይ መጣ፣ ውሃውንም ከእጄ ተቀበለኝ።