«አለ» ሲበዛ፣ «በቁጣ» ሲደራረብ፦ የንግግር ግሶች ችግርና መፍትሄ

የጓደኞቼን አጫጭር ልብ ወለዶች ሳነብ እርሳሴ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ንግግሩ ላይ አይደለም። ከንግግሩ በኋላ የምትመጣው ትንሽ ሐረግ ላይ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ተናገረ፤ እሺ፣ ግን በምን ስሜት? ደራሲው እሱን ለማሳየት ሲጥር ጽሑፉ በየት በየት በኩል እንደሚበላሽ፣ ካየሁት ልጻፍ።

ምልክት፦ ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ «በ…» የሚጀምር ቃል አለ

ይህን እዩ፦

«ኪራዩን መቼ ነው የምትከፍለው?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ በጣም በቁጣና በንዴት።
«በሚቀጥለው ሳምንት እከፍላለሁ» አለ ሰለሞን በፍርሃት፣ በሚያሳዝን ድምፅ።
«ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብለህ ነበር» አሉ በምሬት።
«ይቅርታ እትዬ» አለ በሀፍረት።

ምክንያቱ ደራሲው ንግግሩን አለማመኑ ነው። «ይቅርታ እትዬ» የሚል ተከራይ ማፈሩን አንባቢ ያውቃል። «በሀፍረት» የሚለው ቃል የሚያውቀውን ደግሞ ይነግረዋል።

መፍትሄው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ «በ…» የሚሉትን ሁሉ ሰርዙና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ስሜቱ ካልጠፋ ቃሉ አያስፈልግም ነበር። ከጠፋ ደግሞ ንግግሩ ራሱ ደክሟል ማለት ነው፤ የሚጠገነው እሱ ነው።

የግድ አንድ ነገር መጨመር ካለበት ግን አማርኛ የራሱ መላ አለው። «በትንሽ ቁጣ» ከማለት «ቆጣ ብሎ» እንላለን። ኮስተር ብላ፣ ፈርጠም ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ብላ። እነዚህ ስሜቱን በልኩ ይሰጣሉ። «ቆጣ ብሎ» የተቆጣ ሰው አይደለም፤ ሊቆጣ የጀመረ ሰው ነው። «በቁጣ» ይህን ልዩነት አይነግረንም።

ምልክት፦ «አለ» ጠፍቶ ሁሉም ሰው ያንባርቃል፣ ይማጸናል፣ ያጉረመርማል

ይህ የሚመጣው የመጀመሪያውን ችግር ለማከም ሲሞከር ነው። ደራሲው «አለ» ተደጋገመ ብሎ ይሰጋና በየመስመሩ አዲስ ግስ ያስገባል። ወይዘሮ አልማዝ ሲሉ አንባረቁ፣ ሰለሞን ሲል ተማጸነ፣ ወይዘሮ አልማዝ ሲሉ ዘለፉት፣ ሰለሞን ሲል ተለማመጠ። አራት መስመር አንብቦ አንባቢው ይደክመዋል።

«አለ» ቢደጋገም ግን አንባቢው ከቁጥር አያስገባውም። ዓይኑ ማን እንደተናገረ አይቶ ያልፋል። ስለዚህ «አለ»ን አትፍሩት። ስሜት ያዘለ ግስ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ያንንም ስትመርጡ ትርጉሙን በደንብ መዝኑት፣ ምክንያቱም እነዚህ ግሶች ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

«አንሾካሾከ» ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ለቀነሰ ነው። ምስጢር አለበት፣ ጆሮም አለበት። «አጉተመተመ» አፉን በቅጡ ሳይከፍት ለተናገረ ሰው ነው፤ ቃሉ ለራሱም ግልጽ አይደለም። «አጉረመረመ» ቅሬታ ይፈልጋል፤ ደስ ያለው ሰው አያጉረመርምም። «ተነጫነጨ» ደግሞ የሕፃንና የበሽተኛ፣ ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። «አንባረቀ» ሥልጣን ይሸታል። አባት፣ አለቃ፣ የመቶ አለቃ ያንባርቃሉ። ተከራይ በአከራዩ ላይ ካንባረቀ ትልቅ ነገር ተከስቷል ማለት ነው፣ ታሪኩም ያንን መሸከም አለበት። «ጮኸ» ከዚህ ይለያል፤ የፈራም፣ የተመታም፣ የተደሰተም ይጮኻል።

አንድ ቀላል ፈተና አለኝ። ንግግሩን ግሱ በሚለው ድምፅ አፋችሁ ላይ ሞክሩት። አራት መስመር የሚሞላ፣ ነጥቡ ሁሉ የተስተካከለ ንግግር ጽፋችሁ «ሲል አጉተመተመ» ካላችሁ አፋችሁ ራሱ እምቢ ይላል። የሚያጉተመትም ሰው ሦስት አራት ቃል ነው ያለው፤ እሱም ተቆራርጦ።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የምጠላቸው የዜና ግሶች ናቸው። «ሽንኩርቱ አልቋል» ስትል ገለጸች። «ቶሎ ና» ሲል አሳሰበ። ገለጸ፣ አስታወቀ፣ አሳሰበ፣ አረጋገጠ የመግለጫ ቃላት ናቸው። ማድቤት ውስጥ ሲገቡ ባልና ሚስቱ ለጋዜጠኛ የሚናገሩ ይመስላሉ።

ምልክት፦ አንባቢው ንግግሩን ጨርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል

ይህ የአማርኛ የራሱ ጣጣ ነው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሦስት መስመር ንግግር በተለመደ ድምፅ አንብበን ስንጨርስ «ስትል አንሾካሾከች» ይመጣል። ለካስ ስታንሾካሽክ ነበር! አንባቢው በጭንቅላቱ የሰማው ድምፅ ሁሉ ስህተት ሆነ።

ስሜቱን ቀድማችሁ አምጡት፦ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ተነስ፣ በጓሮ በር እንውጣ፤ ሰዎቹ ሳሎን ናቸው» አለችው። «ጠጋ ብላ» ካላችሁ በኋላ «አንሾካሾከች» ማለት አያስፈልግም። ወይም ንግግሩን ከመጀመሪያው ቃል ላይ ቁረጡት፦ «ተነስ» ስትል አንሾካሾከች። «በጓሮ በር እንውጣ።»

ምልክት፦ ሰዎች ንግግር ይስቃሉ፣ ንግግር ፈገግ ይላሉ

«ናፍቀኸኛል» ፈገግ አለች። ይህን ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ መጨረሻው «አለች» ስለሆነ ዓይን ያታልላል። ግን ይሄ «አለች» የመናገር አይደለም። ሰው በፈገግታ ቃል አያወጣም። አራት ነጥብ ይበቃል፦ «ናፍቀኸኛል።» ፈገግ አለች። ወይም፦ ፈገግ ብላ «ናፍቀኸኛል» አለችው።

አሁን ወደ ወይዘሮ አልማዝ እንመለስ

እኔ ብጠግነው እንዲህ አደርገዋለሁ። ከዚህ ቀደም ባለው ገጽ ላይ ወይዘሮ አልማዝ ሰለሞንን «ልጄ» ነው የሚሉት፤ ቡና ሲያፈሉም ይጠሩታል።

ወይዘሮ አልማዝ በሩን ገፋ አድርገው ደፉ ላይ ቆሙ። አልገቡም።
«አቶ ሰለሞን፣ ኪራዩን መቼ ነው የሚከፍሉት?»
ሰለሞን ከአልጋው ተነሳ።
«በሚቀጥለው ሳምንት፣ እትዬ።»
«ባለፈው ሳምንትም ሳምንት ነበር።»
«ደመወዝ… ዘግይቶብኝ…» ሲል አጉተመተመ።
«ምን አሉኝ?»
«ይቅርታ እትዬ» አለ።

«በቁጣ» የለም፣ «አንባረቁ»ም የለም። ግን ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ረቂቅ ይልቅ ያስፈራሉ። ሥራውን የሠራው «አቶ» እና «የሚከፍሉት» ነው። በእኛ ቋንቋ ትናንት «ልጄ» ያለ ሰው ዛሬ «እርስዎ» ካለ በሩ ተዘግቷል። በተቃራኒውም ይሆናል፤ ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚል ልጅ አባቱን ድንገት «አንተ» ካለ አጠገቡ «በድፍረት» ብሎ መጻፍ ምንም አይጨምርም።

ስሜት ያዘለ ግስ የተጠቀምኩት አንድ ብቻ ነው፣ «አጉተመተመ»። እሱንም ያስገባሁት ቀጥሎ የሚመጣው «ምን አሉኝ?» እንዲይዝ ነው። ሰለሞን ጥርት አድርጎ ተናግሮ ቢሆን ጥያቄው ቦታ አይኖረውም ነበር።