የአንድን ከተማ የተለያየ ዘመን ካርታዎች አነጻጽሮ ለውጡን እንዴት መግለጽ ይቻላል?

የአንድን ከተማ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለውጡን ለመጻፍ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ያልተለወጠው ነገር ነው። ወንዝ፣ ኮረብታ ወይም የባቡር ሐዲድ በሁለቱም ካርታዎች ላይ በአንድ ቦታ ከታየ፣ የቀረው ሁሉ «ከወንዙ በስተምሥራቅ»፣ «ከሐዲዱ በስተሰሜን» እየተባለ ከእርሱ አንጻር ይገለጻል።

ቀጥሎ የሰሜን አመልካቹንና ስኬሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ መግለጫ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዲት ምናባዊ ከተማ የ1980 ካርታ ስኬሉ 1፡50,000፣ የ2020ው ደግሞ 1፡10,000 ነው እንበል። ዋናው መንገድ በመጀመሪያው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዓይኑ ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ከሰባት እጥፍ በላይ ረዝሟል ይላል። በስኬሉ ሲሰላ ግን መንገዱ 1 ኪሎ ሜትር የነበረ ሲሆን አሁን 1.5 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ስለዚህ ትክክለኛው አገላለጽ «በግማሽ ኪሎ ሜትር ረዘመ» የሚለው ነው። ስፋት ሲነጻጸርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ የእያንዳንዱ ጎኑ ርዝመት ከ100 ወደ 200 ሜትር ያደገ አራት ማዕዘን የገበያ ቦታ ስፋቱ ከ1 ወደ 4 ሄክታር ስለሚያድግ፣ «በእጥፍ ሰፋ» ማለት ስሕተት ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ለውጥ የሚስማማውን ግሥ መምረጥ ይከተላል። «ተስፋፋ» የሚባለው በቦታው ላይ እንዳለ የጨመረ ነገር ሲሆን፣ «ተተካ» የሚባለው ደግሞ አንዱ ጠፍቶ በዚያው ስፍራ ሌላ ሲገኝ ነው። «ተዛወረ» ግን ከሁሉም በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ግሥ ነው። በምዕራብ የነበረው ትምህርት ቤት ጠፍቶ በምሥራቅ ትምህርት ቤት ቢታይ፣ ስማቸው አንድ መሆኑ በካርታዎቹ ላይ ካልተጻፈ በቀር «በምዕራብ የነበረው በኋለኛው ካርታ ላይ አይታይም፤ በምሥራቅ ግን በቀድሞው ያልነበረ ትምህርት ቤት ይታያል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። አረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ያልታየውን አይናገርም። በተጨማሪም በ1፡50,000 ካርታ ላይ ትንንሽ ሕንፃዎች ሊዘለሉ ስለሚችሉ፣ በቀድሞው ካርታ ላይ አለመታየት በመሬት ላይ አለመኖርን አያረጋግጥም።

ጊዜን በተመለከተ፣ በ1980 ካርታ ላይ ሳይኖር በ2020ው ላይ የሚታይ ድልድይ «በ2020 ተሠራ» አይባልም፤ ሁለቱ ካርታዎች የሚያሳዩት «ከ1980 በኋላ፣ እስከ 2020 ባለው ጊዜ» መሠራቱን ብቻ ነው። ካርታው የታተመበትና መሬቱ የተለካበት ዓመት ተለያይተው ከተጻፉም የሚወሰደው የልኬታው ዓመት ነው።

እነዚህ ሲሟሉ መግለጫው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከወንዙ በስተምዕራብ ያለው የከተማዋ ክፍል ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ሲሆን፣ በስተምሥራቅ በ1980 የእርሻ መሬት የነበረው ስፍራ ግን በ2020 በመኖሪያ ቤቶች ተተክቷል፤ ዋናው መንገድም በግማሽ ኪሎ ሜትር ረዝሞ እስከ አዲሱ ሰፈር ደርሷል።» እርሻው ለምን ቤት እንደሆነ ካርታው ስለማይናገር፣ «የሕዝቡ ቁጥር ስለጨመረ» የሚል ሐረግ ከሌላ ምንጭ ካልተገኘ እዚህ አይገባም።