ባት ሲይዝ፦ ሲነቀንቁት ለምን ይብሳል?

ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳው ላይ እየሮጥን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ዳገቱን ጨርሶ ሊዞር ሲል ባቱን ያዘውና ዘጭ አለ። ባቱ ላይ እንቁላል የሚያህል ጉብታ ወጥቷል፤ ሲነኩት ድንጋይ ነው። ሌላኛው ልጅ ሮጦ መጣ፣ የእግሩን ጣቶች ያዘና ወደ ላይ ነቅነቅ ነቅነቅ አደረገለት። በነቀነቀው ቁጥር ልጁ ይጮኻል፣ ጉብታውም ይብስበታል። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሯጭ ደረሱና "ተው፣ አታንገጫግጨው! ቀስ ብለህ ሳብና ዝም ብለህ ያዘው" አሉት። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቀው።

እግሩ ያው ነው፣ የተሳበበት አቅጣጫም ያው ነው። የተለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ምልክቱ፦ በጎተታችሁት ቁጥር ይኮማተራል

ጡንቻ ውስጥ፣ ከክሮቹ ጎን ለጎን የተኙ ጥቂት ሚሊሜትር የሚረዝሙ ቀጫጭን ነገሮች አሉ። መሃላቸው ወፈር፣ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ስለሆነ የጡንቻ እንዝርት ይባላሉ፤ እናቶች ጥጥ ሲፈትሉ ፈትሉ ተጠቅልሎበት የሚያብጠውን እንዝርት አስቡ። ሥራቸው ጡንቻው ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ በተለይ ደግሞ በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ መናገር ነው። ድንገት ሲጎተቱ መልእክቱ በፈጣን ነርቭ ህብለ ሰረሰር ይደርስና እዚያው፣ አማላጅ ሳያስፈልገው፣ ያንኑ ጡንቻ ወደሚያዘው ነርቭ ያልፋል፦ "ተኮማተር!" የአንጎል ፈቃድ አይጠበቅም። ሐኪም ከጉልበት በታች በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርግ እግር ፈንጠር የሚለው በዚሁ መንገድ ነው፤ የጭን ጡንቻው ምላሽ ለመጀመር የሚፈጅበት 20 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ በነቀነቀ ቁጥር ለጓደኛው ባት አንድ አንድ መዶሻ እያቀመሰው ነበር ማለት ነው።

መፍትሄው ያለው ጅማቱ ጋ ነው

ጡንቻው ወደ ጅማት የሚቀየርበት ድንበር ላይ ሌላ ጠቋሚ አለ፤ በጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ስም የጎልጂ የጅማት አካል ይባላል። እሱ የሚመዝነው ርዝመት ሳይሆን ጉልበት ነው። እንዝርቱ ከጡንቻው ጎን ሲተኛ ይሄኛው መስመሩ ላይ ነው ያለው፣ ልክ ገመድ መሃል ታስሮ የሚጎተተውን ሁሉ እንደሚያነብ ሚዛን። ውጥረቱ ሲጨምር ህብለ ሰረሰር ውስጥ በአንድ አገናኝ ሴል በኩል የጡንቻውን ነርቭ ዝቅ ያደርገዋል፦ "ኧረ ላላ በል።"

ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይሄ ነው፦ ጡንቻ ሲደክም የእንዝርቱ ድምፅ ይጎላል፣ የጅማቱ ይደክማል፤ ጡንቻው አጥሮ እያለ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ጣት ወደ ታች ቀስሮ ሲዘረጉ ባት የሚይዘውም ለዚህ ይመስላል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ጅማቱ ይወጠራል፣ የተረሳው ጠቋሚ መናገር ይጀምራል፣ ፍጥነት ስለሌለ እንዝርቱም አይደነግጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬት ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁን ዘርጉ። ጉልበት ከታጠፈ ትልቁ የባት ጡንቻ ይላላል፣ ምክንያቱም ጉልበትን አልፎ ነው ጭን አጥንት ላይ የሚያያዘው። ነጠላ ወይም ፎጣ በውስጥ እግራችሁ የፊት ክፍል ላይ አዙራችሁ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ወስዳችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ሲወጥር አቁሙና 20 እስከ 30 ሰከንድ ያዙት። በዚያው ጣቶቻችሁን ራሳችሁ ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ፤ የፊተኛው ጡንቻ ሲሠራ የኋለኛው እንዲላላ ህብለ ሰረሰር ያዝዛል። ለቃችሁት ተመልሶ ከያዘ ድገሙት። ከዚያ ሩጫው ይቅርባችሁ፣ በእግራችሁ ወደ ቤት። (ሙዝ ብላ የሚሉም አሉ፤ ሙዙ ከሆድ አልፎ ደም ውስጥ ሳይገባ ባቱ ይለቃል።)

ጅማቱ ፊውዝ አይደለም

ጂም ውስጥ "ክብደቱ ከበዛ ጎልጂው ራሱ ያጠፋዋል" ሲባል ትሰማላችሁ። እንደዚያ አይደለም። ትንሽ ጉልበትም ይሰማዋል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ የሚያላላውም በከፊል ነው። ስንራመድ ደግሞ ሥራው ሊገለበጥ፣ የሚሸከመንን ጡንቻ ሊያግዝም ይችላል። ፊውዝ ቢሆን ኖሮ የሯጭ ጅማት ባልተበጠሰ ነበር።

ስለዚህ ባታችሁን ከመያዙ በፊት "ጧ" የሚል ነገር ከተሰማችሁ፣ ወይም በጣቶቻችሁ መቆም ካቃታችሁ፣ አትሳቡት፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሰዓታት አልፈው አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመም አትሹት፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ታዩ።