የአባት ቤትና የባንክ ብር ለልጆች ሲከፋፈል የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ቤተሰብ ልንገራችሁ። ደሴ ናቸው፣ ሮቢት አካባቢ። አባት አረፉ፣ እናት አሉ፣ ልጆቹ አራት ናቸው። ታላቅየው ከእናቱ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ ይሠራሉ፣ አንዷ ጅዳ ናት። የቀረው ሀብት በትዳር ዘመን የተሠራ ቤትና ባንክ ያለ 600,000 ብር ነው። ቤቱ በገበያ 4,800,000 ብር ያወጣል። በሌላ በኩል 120,000 ብር የቤተሰብ ዕዳ አለ፣ ለቀብር ደግሞ 80,000 ብር ወጥቷል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ስህተቶቹን ግን በብዙ ቤት አይቻቸዋለሁ።

እናትን እንደ አምስተኛ ልጅ መቁጠር

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ልጆቹ ተቀምጠው 600,000 እና 4,800,000 ደመሩ፣ 5,400,000 ሆነ። ለአምስት አካፈሉትና ለእያንዳንዱ 1,080,000 ደረሰ። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? እናትም «ልጆቼ ከተስማሙ ይሁን» ብለው ዝም አሉ።

ስሌቱ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጋራው ዕዳ ይቀነሳል፣ ከዚያ ግማሹ ለእናት ይወጣል። እሳቸው ይህን የሚወስዱት ወርሰው አይደለም፣ ድሮም የራሳቸው ስለሆነ ነው። እንዲያውም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ልጆች የሚወርሱት የአባትን ግማሽ ብቻ ነው፣ እሱንም ሴት ወንድ ሳይባል እኩል።

እንሥራው። ከ5,400,000 ላይ 120,000 ዕዳ ሲቀነስ 5,280,000 ይቀራል። የእናት ግማሽ 2,640,000 ነው። ከአባት ግማሽ ላይ የቀብሩ 80,000 ሲወጣ 2,560,000 ይቀራል፣ ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 640,000። በመጀመሪያው ስሌት እናት 1,560,000 ብር ያጡ ነበር፣ ያውም በልጆቻቸው እጅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አባት ቤቱን ከጋብቻ በፊት ሠርተውት ወይም ከራሳቸው ወላጆች ወርሰውት ከሆነ የግል ሀብት ስለሚሆን ስሌቱ ይለወጣል። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ሁሉም ከፈቀዱም እንደዚሁ ሌላ ነው፤ ልጆች ባሉበት ሚስት ከውርሱ አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፣ የወንድ ልጅ ድርሻም የሴቷ እጥፍ ነው። እኛ አገር አንዱ ልጅ በዚህኛው፣ ሌላው በዚያኛው እያሰበ ሽምግልና ይቀመጥና ወር ሙሉ ሳይግባቡ ይከርማሉ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ሳትስማሙ ብር አትደምሩ።

ቤቱን በማዘጋጃ ቤት ግምት ማካፈል

ታላቅየው ቤቱ እንዳይሸጥ ይፈልጋል፣ እናቱን ይዞ መኖር ነው ሐሳቡ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለእህት ወንድሞቹ ድርሻቸውን በብር ሊሰጥ ተስማማ። በየትኛው ዋጋ? «ማዘጋጃ ቤት 2,100,000 ነው የገመተው» አለና ወረቀቱን አወጣ።

ወረቀቱ ሐሰት አይደለም። ግን ያ ግምት ለክፍያ ማስያ የተሠራ ነው፣ ግንባታውን እንጂ ሰፈሩን ብዙም አያይም። ገዢ ደግሞ የሚከፍለው ለብሎኬቱ ብቻ አይደለም፣ ለአስፋልቱ ቅርበትም ይከፍላል። በ2,100,000 ቢሰላ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ወደ 302,500 ይወርዳል። ለሦስቱ 337,500 ብር በየነፍሱ ጠፋ ማለት ነው፣ እናትም ግማሻቸው አብሮ ይቀንሳል።

ታዲያ ትክክለኛውን እንዴት ታገኙታላችሁ? አንድ ደላላ አትመኑ። በዚያው ሰፈር በቅርብ ወራት በእርግጥ የተሸጠ ተመሳሳይ ቤት ስንት እንደወጣ ጠይቁ፤ «ስንት ተባለ» ሳይሆን «ስንት ተከፈለ»። ከዚያ ለባንክ ብድር ቤት የሚገምት መሐንዲስ አስገምቱ። የባንክ ግምት ጠበቅ ያለ ስለሆነ እንደ ዝቅተኛው ወለል ያገለግላችኋል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ሌላ ገማች ጨምሩ። የተስማማችሁበትን ዋጋ ከነቀኑ ጽፋችሁ ፈርሙ። ክፍፍሉ ዓመት ሁለት ዓመት ከዘገየ ግን እንደገና ይገመት፤ በዛሬ ዋጋ ተስማምቶ ከሦስት ዓመት በኋላ መክፈል ተቀባዩን መጉዳት ነው።

ጅዳ ያለችው እህት ደግሞ የኋላውን ክፍል ያሠራሁት እኔ ነኝ ትላለች። የላከችበት ደረሰኝ ካለ ስጦታ ነበር ወይስ ብድር የሚለው ከመከፋፈሉ በፊት ይለይ። ብድር ከሆነ ከዕዳው ጋር ይደመራል።

በሟች ካርድና በድሮ ውክልና ብር ማውጣት

ሰደቃ ወይም ተስካር አለ፣ ሰው ይመጣል፣ ብር ያስፈልጋል። ልጅ የአባቱን ኤቲኤም ካርድ ይዞ ይሄዳል። ወይም «አባዬ እኮ ውክልና ሰጥቶኛል» ይላል። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የወጣ ብር የሁሉም ወራሾች ገንዘብ ነው፣ ላወጣው ሰው ደግሞ ነገ የክስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለወጪው ተዋጡና ደረሰኙን ያዙ፣ በኋላ ከውርሱ ይተካል። ከባንኩም የሞቱበትን ቀን ቀሪ ሒሳብ የሚያሳይ ዝርዝር ጠይቁ። የስሌቱ መነሻ እሱ ነው።

ወራሽነት ሲወጣ ያለቀ መምሰል

የሞት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት፣ ከዚያ በምስክር የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት። ይሄ ወረቀት ወራሽ መሆናችሁን ይናገራል እንጂ ሀብቱና ዕዳው ስንት እንደሆነ አይናገርም። ዕዳና ሀብቱን የሚለየው የውርስ ማጣራት ነው። ተስማምታችሁ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል። ውጭ ያለ ወራሽ ካለ ውክልናውን በቆንስላ በኩል ቀድሞ ይላክ፣ አለዚያ ሁሉም እሱን ይጠብቃል።

ግብሩን ፈርቶ የውሸት ሽያጭ መፈራረም

«ውርስ ከተባለ ግብሩ አይቻልም፣ ሽያጭ እናስመስለው» የሚል መካሪ አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙት። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብቻው የውርስ ግብር የሚባል የለም። በአዋጅ 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲተላለፍ ከሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ የሚጠየቀው ደግሞ ሽያጭ ሲመጣ ነው። ስለዚህ የውሸት ሽያጩ ያልነበረውን የግብር ጥያቄ ራሱ ይጠራዋል። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍም አያድንም፣ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ግምት አለው።

በእርግጥ የሚጠብቃችሁ ሌላ ነው። አባት ያልከፈሉት የቤትና የቦታ ግብር፣ ከፊት ያሉት ሱቆች ተከራይተው ከነበረ ያልተከፈለ የኪራይ ገቢ ግብር። ስም ለማዛወር ስትሄዱ ክሊራንስ ስትጠየቁ ነው የሚወጣው። የውርስ ዕዳ ስለሆነ ከማካፈላችሁ በፊት ቀንሱት። ከሞት በኋላ የገባውን ኪራይም የሚሰበስበው ልጅ ያሳውቅበት፣ ድርሻውንም ለሌሎቹ ይስጥ። ወደፊት ቤቱን የሚሸጥ ሰው እንዳይቸገር የግንባታ ደረሰኞችንና የአሁኑን የግምት ወረቀት አብራችሁ አስቀምጡ።

ወደ ሮቢቱ ቤት ልመለስ። ዕዳውና ቀብሩ ሲከፈል ባንክ 400,000 ብር ቀረ፣ ለሦስቱ ልጆች ተሰጠ። የሦስቱ ድርሻ በጠቅላላ 1,920,000 ስለሆነ ታላቅየው 1,520,000 ብር በየጊዜው ሊከፍል ተዋዋለ። ካርታው ላይ ግን የእናትና የታላቅየው ስም ብቻ ሊገባ ሲል ኮምቦልቻ ያለችው እህት አስቆመችው። የመጨረሻው ብር እስኪገባ የአራቱም ልጆች ስም ከእናታቸው ጋር እንዲሰፍር ጠየቀች፣ ታላቅየውም አልተቀየመም።