የመሸኛ ስጦታ ሲያበረክቱ ጥቅሉን መጨረሻ ላይ ያውጡ

በመዋጮ የተገዛ ስጦታ ለሚሰናበት የቡድን መሪ እንዲያበረክቱ ከተመረጡ፣ ንግግርዎ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ ጥቅሉም እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ድረስ በሌላ ባልደረባ እጅ ይቆይ፤ ጥቅሉ ከታየ በኋላ ንግግሩን የሚያዳምጥ አይኖርምና። እኔ ፒያሳ በሚገኘው ቢሯችን 14 ሆነን ያዋጣንበትን የወርቅ ቀለበት ለአለቃችን ሳበረክት፣ «ታታሪ፣ ቅን» የሚሉትን ለማንም የሚሆኑ ቃላት ትቼ አንድ ነገር ብቻ አነሣሁ፦

«ሰኔ 30 ሒሳብ ስንዘጋ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ግቡ ብለው እኛን አሰናብተው፣ የቀረውን ብቻዎን ያጠናቅቁ ነበር። ያንን አልረሳነውም። ይህ የሁላችንም ስጦታ ነው፤ እባክዎ ይቀበሉን።»

ቀለበቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ ጭብጨባውም ቀጠለ።

የመዋጮውን መጠንም ሆነ የአዋጪዎችን ስም ዝርዝር በፍጹም አያንብቡ፤ ከዚያ በፊት በነበረ ሽኝት ዝርዝሩ ሲነበብ፣ ወሩ አልመች ብሎት ያላዋጣ ባልደረባችን አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ሳይጨርስ ወጥቷል። ስም የሚሰፍረው በካርዱ ላይ ነው፤ እዚያም ያላዋጣው ጭምር ይፈርማል።