የሙከራ ጊዜ ላይ ያላችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

ሀዋሳ ታቦር አካባቢ፣ እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ነበር። አንድ ረቡዕ ገና በጊዜ ተመለሰች። «ጋሼ፣ ሙከራውን አላለፍሽም አሉኝ» አለችኝ። የቅጥር ደብዳቤዋን አስመጥቼ አየሁት። «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ይላል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ በወር መቁጠር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም ይላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሚሠራ ሰው ይህ 10 ሳምንት ነው፤ በመሃል በዓል ከገባ በዚያው ልክ ይገፋል። 3 ወር ግን 13 ሳምንት ገደማ ነው። ልጅቷ ሰኞ ጀመረች፣ በመሃል 2 በዓል ነበረ፤ ስለዚህ 60ኛ ቀኗን የሠራችው በ11ኛው ሳምንት ማክሰኞ ነው። የተባረረችው በ12ኛው ሳምንት ረቡዕ! ሙከራው አልቆ ሥራው ከቀጠለ ደግሞ ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ «አልበቃሽም» ብሎ በአንድ ቃል ማሰናበት የለም፤ ሕጋዊ ምክንያትና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፦ ቆጠራውን ከሥልጠና በኋላ መጀመር። ተቀጥራ፣ ደሞዝ እየተከፈላት የሠለጠነችባቸውን 2 ሳምንታት አልቆጠሩላትም። ሕጉ የሚቆጥረው ከተቀጠሩበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ሦስተኛው፦ የአፍ ስምምነት። «ለሙከራ ነው የገባኸው» ማለት ብቻ አይበቃም፣ በጽሑፍ መሆን አለበት። እዚያው መሥሪያ ቤት ለዚያው ሥራ ተመልሶ የተቀጠረ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሙከራ አይገባም።

አራተኛው በጣም ያናድደኛል፦ «ሙከራ ላይ ስለሆንኩ መብት የለኝም» ማለት። ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ለይቶ ካላስቀመጠ በስተቀር መብታችሁ ከሌላው ሠራተኛ ጋር አንድ ነው፤ ደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሳምንት እረፍት፣ ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ ሕክምና። የሚቀርባችሁ ይህ ነው፦ በ60ው ቀን ውስጥ ለሥራው ካልበቃችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ያሰናብቷችኋል። እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ግን አለመብቃት ሌላ፣ አርግዘሻል ወይም የሠራተኛ ማኅበር ገብተሻል ብሎ ማባረር ሌላ፤ ሁለተኛው ሕገወጥ ነው።

የመጨረሻው፦ የተሰጠን ወረቀት ሳያነቡ መፈረም። ለልጅቷም «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ሰጥተዋት ነበር። ደግነቱ አልፈረመችም። የሠራችበትን ቀን ሁሉ፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ጭምር በትንሽ ደብተር ስትጽፍ ከርማለች። ያልተከፈለ ደሞዝ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ደግሞ ያላት 3 ወር ብቻ ነው። በማግስቱ ደብተሩን፣ የቅጥር ደብዳቤውንና ያን ያልተፈረመ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገን አስቀመጥን።