ቆዳ ውሃ ሲቋጥር የተላቀቀው የቱ ነው? ካድሄሪንና ኢንተግሪን ለሚድ ፈተና

«ካድሄሪን ምንን ከምን ያገናኛል?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን እንመልሳለን። የሚከብደው ጥያቄው በሽተኛ ወይም የላብ ሳህን ይዞ ሲመጣ ነው። ያኔ በቃል የያዝነው ሰንጠረዥ ድንገት ይጠፋል።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው የተለያየው ምን ከምን እንደሆነ በማየት ነው። ሴል ከሴል ከተለያየ ካድሄሪንን እጠረጥራለሁ። ሴል ከሥሩ ካለው ማትሪክስ ከተነሳ ደግሞ ኢንተግሪንን። ቀጥሎ በሴሉ ውስጥ የታሰረው ክር የቱ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ክሩ ኬራቲን ከሆነ መጋጠሚያው ዴስሞሶም ወይም ሄሚዴስሞሶም ነው። አክቲን ከሆነ አድሄረንስ ጃንክሽን ወይም ፎካል አድሄዥን ነው።

ምልክት፦ ሴሎቹ ከሳህኑ ተነሱ፣ ግን እርስ በርስ እንደተጣበቁ በጓል በጓል ወጡ

ትሪፕሲን ጨምረሃል፣ ጠብቀሃል፣ ሴሎቹ ግን አንድ በአንድ አልተለያዩም። ከሳህኑ የያዛቸው ነገር ተቆርጧል፤ እርስ በርስ የያዛቸው ግን አልተነካም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሚዲየሙ የተረፈ ካልሲየም ነው። ካድሄሪን ካልሲየም ሲይዝ ቀጥ ብሎ ይጠነክራል፣ ትሪፕሲንም በቀላሉ አይቆርጠውም። ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካድሄሪንን ለማግኘት የበቃው ይህንኑ ልዩነት ተከትሎ ነበር።

መፍትሄው ሚዲየሙን ማስወገድ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው ፒቢኤስ ማጠብ፣ ከዚያ ትሪፕሲን ከኢዲቲኤ ጋር መጨመር ነው። ኢዲቲኤው ካልሲየሙን ይለቅማል። ካድሄሪኑ ይላላል፣ ትሪፕሲኑም ይደርስበታል። ማጠቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሚዲየሙ ያለው ሴረም ትሪፕሲንን ያደክማል።

ምልክት፦ በአፍ ቁስል ጀምሮ ቆዳ ላይ የወጣ፣ ቶሎ የሚፈነዳ ልል ውሃ ቋጠሮ

ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስንጥቁ ኤፒደርሚሱ ውስጥ ነው። የታችኛው ረድፍ ሴሎች ከቤዝመንት ሜምብሬኑ ጋር እንደተያያዙ ቆመዋል፤ ከላያቸው ካሉት ሴሎች ግን ተለያይተዋል። እዚህ ላይ ቆም በል። የታችኛው ረድፍ ካልተነሳ ሄሚዴስሞሶሙ ደህና ነው። ችግሩ ሴል ከሴል የሚያያዝበት ዴስሞሶም ላይ ነው።

ይህ ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ነው። የሰውየው የራሱ አንቲቦዲ ዴስሞግሌይን 3ን ያጠቃል። ዴስሞግሌይን የዴስሞሶም ካድሄሪን ነው።

ለምን በአፍ ጀመረ? በአፍ ሽፋን ውስጥ ዋናው ዴስሞግሌይን 3 ነው፤ ዴስሞግሌይን 1 ትንሽ ነው። ስለዚህ 3 ሲጠቃ የሚተካው የለም። ቆዳ ላይ ግን ዴስሞግሌይን 1 አለ፤ እሱ ደህና እስከሆነ ድረስ ቆዳውን ይይዛል። አንቲቦዲው 1ንም ማጥቃት ሲጀምር ቆዳውም ውሃ ይቋጥራል። አንቲቦዲው 1ን ብቻ ቢያጠቃስ? የቆዳው የላይኛው ክፍል ብቻ ይላጣል፣ አፉ ይተርፋል። ይህ ፔምፊገስ ፎሊያሼየስ ነው። ይህን ክፍል በደንብ ያዘው፤ ከቦታው ወደ ፕሮቲኑ መድረስ የሚለመደው እዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ናሙና ከውሃ ቋጠሮው ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይወሰዳል። በኢሚውኖፍሎረሰንስ አንቲቦዲው በሴሎቹ ዙሪያ እንደ መረብ ያበራል። ሕክምናው አንቲቦዲውን መቀነስ ነው፤ ስቴሮይድ ይሰጣል፣ ቢ ሴሎችን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብም በአሜሪካ ለዚህ በሽታ በ2018 ተፈቅዷል። ጂኑ አልተበላሸም። ስለዚህ አንቲቦዲው ሲቀንስ ሴሎቹ ዴስሞሶማቸውን መልሰው ይሠራሉ።

ምልክት፦ አረጋዊ ላይ የወጣ፣ የተወጠረና በቀላሉ የማይፈነዳ ውሃ ቋጠሮ

እዚህ ኤፒደርሚሱ ሙሉ በሙሉ ከሥሩ ተነስቷል። ጣሪያው ወፍራም ስለሆነ ነው የማይፈነዳው። ኢሚውኖፍሎረሰንሱም መረብ ሳይሆን በቤዝመንት ሜምብሬኑ ላይ የተዘረጋ አንድ መስመር ያሳያል። በሽታው ቡለስ ፔምፊጎይድ ይባላል፣ የተጎዳውም ሄሚዴስሞሶም ነው።

ወጥመዱ ይህ ነው። ሄሚዴስሞሶም ላይ ላሚኒንን የሚይዘው ኢንተግሪን አልፋ6ቤታ4 ቢሆንም፣ አንቲቦዲው በዋናነት የሚያጠቃው እሱን አይደለም። የሚጠቁት አብረውት ያሉት ቢፒ180 እና ቢፒ230 ናቸው። «ኢንተግሪን» ብለህ ከመለስክ ቦታውን አግኝተህ ፕሮቲኑን ስተሃል።

ምልክት፦ ገና ሕፃን ሳለ ጀምሮ ቆዳው በተፋተገ ቁጥር ውሃ የሚቋጥር ልጅ

ስንጥቁ በሴሎች መሀል አይደለም፣ ከቤዝመንት ሜምብሬኑም አይደለም። የታችኛው ረድፍ ሴል ራሱ መሀሉ ተቀዷል፤ የታችኛው ጎኑ ከሥሩ ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል። ካድሄሪኑም ኢንተግሪኑም ይዘዋል። የደከመው ውስጥ የታሰረው ክር ነው፤ የኬራቲን 5 ወይም 14 ጂን ተቀይሯል። ኤፒደርሞላይሲስ ቡሎሳ ሲምፕሌክስ ነው። እዚህ የሚቀነስ አንቲቦዲ ስለሌለ ሪቱክሲማብ አይረዳም፤ ለአሁኑ ዋናው ሥራ ቆዳውን ከፍትጊያና ከሙቀት መጠበቅ፣ ቁስሉንም መንከባከብ ነው።